ሦስት ዕዳ ካለ የቱ ይቅደም? ስኖውቦልና አቫላንች በወርና በወለድ ሲነጻጸሩ

ሦስት ቦታ ዕዳ አለባችሁ እንበል፣ ለሦስቱም በየወሩ ሚኒመሙን፣ ማለትም የግድ የሚከፈለውን ትንሹን ክፍያ፣ እየከፈላችሁ ነው፣ ከዛ በላይ ደግሞ በወር የሆነች ትርፍ ገንዘብ ትገኛለች። ጥያቄው እንግዲህ ያቺ ትርፍ የቱ ዕዳ ላይ ትግባ ነው። ስኖውቦል የሚባለው መንገድ ቀሪው ትንሽ የሆነውን ዕዳ አስቀድማችሁ ዝጉ ይላል፣ ወለዱን አያይም። አቫላንች ደግሞ ወለዱ ከፍ ያለውን አስቀድሙ ይላል፣ የዕዳው ትልቅነት አያሳስበውም። በሁለቱም አንድ ዕዳ ሲዘጋ ለሱ ይከፈል የነበረው ሙሉ ገንዘብ ወደሚቀጥለው ይዞራል። በተራ ብቻ ነው የሚለያዩት።

አቫላንች በወለድ እንደሚያሸንፍ ብዙ ሰው ሰምቷል፣ ግን በስንት? ስንት ወር ቀድሞ? እሱን ሳታሰሉ መምረጥ አይቻልም፣ ምክንያቱም አንዳንዴ ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ያማል። ስለዚህ አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ፣ ከዛ እናንተ የራሳችሁን ቁጥር ትተኩበታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ዕዳዎቹን ጻፉ

ለእያንዳንዱ ዕዳ ሦስት ነገር ያስፈልጋችኋል፦ ዛሬ ያለው ቀሪ፣ የዓመት ወለዱ፣ እና የወር ሚኒመሙ። የኛዎቹ እነዚህ ናቸው፣ በምን ገንዘብ እንደሆነ ለስሌቱ ለውጥ ስለሌለው ቁጥሩን ብቻ እንያዝ።

ትንሹ፦ ቀሪ 6,000፣ ወለድ በዓመት 6% (በወር 0.5%)፣ ሚኒመም 200
መሀለኛው፦ ቀሪ 12,000፣ ወለድ በዓመት 12% (በወር 1%)፣ ሚኒመም 300
ትልቁ፦ ቀሪ 20,000፣ ወለድ በዓመት 24% (በወር 2%)፣ ሚኒመም 500

ጠቅላላ 38,000 ነው። ሆን ብዬ ነው ትንሹን ዕዳ ርካሽ ትልቁን ውድ ያደረግኩት፣ ሁለቱ መንገዶች በጣም የሚለያዩት እንደዚህ ሲሆን ነው። የናንተ ትንሹ ዕዳ ወለዱም ከሁሉም ከፍ ያለ ከሆነና ትልቁ ደግሞ ወለዱ ዝቅተኛ ከሆነ የሁለቱም ተራ አንድ ስለሚሆን የሚነጻጸር ነገር የለም፣ በቃ ከትንሹ ጀምሩ።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ፣ ስሌቱን ሁሉ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ወለዱ የሚታሰበው በቀረው ዕዳ ላይ ነው ወይስ መጀመሪያ በወሰዳችሁት ሙሉ ገንዘብ ላይ? ሁለተኛው ፍላት የሚባለው ነው። 12,000 በ12% ፍላት ለ12 ወር ከወሰዳችሁ ወለዱ 1,440 ይሆንና በየወሩ 1,120 ትከፍላላችሁ። ግን ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ እያለ ወለዱ በሙሉው ላይ ስለታሰበ እውነተኛው የዓመት ወለድ ወደ 21.5% ነው። እና ወረቀቱ ላይ "12%" ስላለ ብቻ ከሌላ 18% ዕዳ ይረክሳል ብላችሁ ብታስቀምጡት ተራው ከመጀመሪያው ተሳሳተ ማለት ነው። ኤክሴል ላይ እንዲህ ብላችሁ ታወጡታላችሁ፦

```
=RATE(12,-1120,12000)*12
```

12 የወሩ ብዛት ነው፣ 1120 የወር ክፍያው፣ 12000 የወሰዳችሁት። ደሞ አንድ ሌላ ነገር፣ አንዳንድ የፍላት ውል ቀድማችሁ ብትጨርሱም ወለዱን ሙሉውን ያስከፍላል። እንደዛ ከሆነ እዛ ዕዳ ላይ ትርፍ ገንዘብ መጨመር አንድም ወለድ አያድንላችሁም፣ ስለዚህ በአቫላንች ተራ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፣ ወለዱ የቱንም ያህል ከፍ ያለ ቢመስል። ይሄን ከውሉ ላይ ማየት ወይ አበዳሪውን "ዛሬ ሙሉውን ብዘጋ ስንት ነው የምከፍለው?" ብሎ መጠየቅ ነው። የነገሯችሁ መጠን የቀሩትን የወር ክፍያዎች በሙሉ ብትደምሩ ከሚመጣው ጋ አንድ ከሆነ ቀድሞ መክፈል አይጠቅማችሁም።

ደረጃ 2፦ የወር ድምሩን ቁረጡና አትንኩት

የሦስቱ ሚኒመም ድምር 1,000 ነው። በወር 500 ትርፍ አለ እንበል፣ ስለዚህ በየወሩ የሚወጣው 1,500 ነው። ይሄ 1,500 የመጨረሻው ዕዳ እስኪዘጋ ድረስ አይቀንስም፣ ጠቅላላ ነገሩ የቆመው እዚህ ላይ ነው። አንድ ዕዳ ሲዘጋ "ደሞ ትንሽ ተንፈስ ልበል" ብላችሁ የሱን ክፍያ ወደ ሌላ ወጪ ካዞራችሁት የስኖውቦልና የአቫላንች ንጽጽር ትርጉም ያጣል።

ምን ያህል እንደሚለውጥ ለማየት ያህል፣ ትርፉ 500 ባይኖርና ሁሉንም በሚኒመም ብቻ ብትከፍሉ፣ የተዘጋውንም ወደ ሌላው ባታዞሩ፣ ትንሹ በ33ኛው ወር ያልቃል፣ መሀለኛው በ52ኛው፣ ትልቁ ግን በ82ኛው ወር ነው የሚያልቀው፣ ለሱ ብቻ የምትከፍሉት ወለድ ደግሞ ወደ 20,638 ይደርሳል። ከወሰዳችሁት በላይ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ በመጀመሪያው ወር 500 ስትከፍሉ 400ው ወለድ ነው፣ ዕዳው የሚቀንሰው 100 ብቻ ነው።

ሚኒመሙ በየወሩ እየቀነሰ የሚሄድ ዕዳ ካላችሁ (ክሬዲት ካርድ ብዙ ጊዜ የቀሪው መቶኛ ስለሆነ ይቀንሳል) እነሱ ያሉትን እየተከተላችሁ አትቀንሱ፣ የዛሬውን ሚኒመም ቁጥር ያዙና ቋሚ አድርጉት።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያውን ወር በእጃችሁ አስሉት

ኤክሴል ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ወር በእጅ መስራት ጥሩ ነው፣ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ የሚታየው እዚህ ነው። አሰራሩ፦ ቀሪው ላይ የወሩን ወለድ ትደምራላችሁ፣ ክፍያውን ትቀንሳላችሁ።

በስኖውቦል ትርፉ 500 ትንሹ ላይ ስለሚገባ ትንሹ 6,000 ሲደመር 30 ሲቀነስ 700፣ 5,330 ይሆናል። መሀለኛው 12,000 ሲደመር 120 ሲቀነስ 300፣ 11,820። ትልቁ 20,000 ሲደመር 400 ሲቀነስ 500፣ 19,900።

በአቫላንች ትርፉ ትልቁ ላይ ይገባል፦ ትንሹ 5,830፣ መሀለኛው ያው 11,820፣ ትልቁ 19,400።

አሁን ደምሩት። በሁለቱም 37,050 ነው! በመጀመሪያው ወር ምንም ልዩነት የለም፣ ወለዱም አንድ ነው ክፍያውም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው በሁለተኛው ወር ወለድ ላይ ነው፣ በስኖውቦል 542.85 ሲሆን በአቫላንች 535.35 ነው። 7.50 ብቻ። ይቺ 7.50 ከየት መጣች ካላችሁ፣ 500ውን በወር 0.5% የሚበላው ዕዳ ላይ በማድረግና 2% የሚበላው ላይ በማድረግ መሀል ያለው 1.5% ናት። በየወሩ አዲስ 500 ስለሚጨመር 7.50ዋ 15 ትሆናለች፣ ከዛ 22 ከምናምን እያለች ትቀጥላለች። አቫላንች ጥቅሙ መጀመሪያ ላይ የማይታየው ለዚህ ነው፣ እንደዛ ሲሆን ደግሞ ሰው "ምንም ለውጥ የለውም" ብሎ ይተወዋል።

ደረጃ 4፦ ስኖውቦሉን እስከ መጨረሻ አስኪዱት

ትንሹ በወር 700 እየተከፈለው በ9ኛው ወር ይዘጋል። በዛ ወር የሚቀረው 547.98 ብቻ ስለሆነ ከ700ው 152 ገደማ ይተርፋል፣ እሱ እዛው ወር ላይ ወደ መሀለኛው ይሄዳል (ይሄን ትርፍራፊ አትርሱት፣ የብዙ ሰው ስሌት ከሌላው ጋ የማይገጥመው በሱ ነው)። ከ10ኛው ወር ጀምሮ መሀለኛው በወር 1,000 ያገኛል፣ 700ው ከትንሹ የተለቀቀ 300ው የራሱ፣ እና በ20ኛው ወር ይዘጋል።

እስከዛ ድረስ ትልቁ ምን ሆነ? በ19 ወር 9,500 ተከፍሎለታል፣ ቀሪው ግን 17,716 ነው። 9,500 ወጥቶ የቀነሰው 2,284 ብቻ፣ ሌላው በሙሉ ወለድ ነው የበላው። ስኖውቦል ሁለት ዕዳ ዘግቶ ደስ እያለው ዞር ሲል የሚያገኘው ይሄንን ነው። ከ21ኛው ወር ጀምሮ ሙሉው 1,500 እሱ ላይ ያርፍና በ34ኛው ወር በ419 ገደማ ክፍያ ያልቃል።

ጠቅላላ የተከፈለው 49,919፣ ከሱ ላይ 38,000 ዋናው ሲቀነስ ወለዱ 11,919 ነው። ከዚህ ወለድ ትንሹ ያስከፈለው 148 ብቻ፣ መሀለኛው 1,622፣ ትልቁ 10,149።

ደረጃ 5፦ አቫላንቹን

ትልቁ ከመጀመሪያው 1,000 እየተከፈለው ይሄዳል፣ ሌሎቹ ሚኒመማቸውን ብቻ። ትልቁ የሚዘጋው በ26ኛው ወር ነው። እስከዛ ድረስ አንድም ዕዳ አይዘጋም፣ ከሁለት ዓመት በላይ ሦስቱም ስም ዝርዝሩ ላይ እንዳሉ ናቸው ማለት ነው። ከዛ በኋላ ግን ነገሩ ይፈጥናል፣ መሀለኛው በወር 1,300 ያገኝና በ32ኛው ወር ይዘጋል፣ ትንሹም በሚኒመም ብቻ እየሳሳ መጥቶ 316 ገደማ ብቻ ስለቀረው እዛው 32ኛው ወር ላይ አብሮ ያልቃል። የመጨረሻው ወር ክፍያ ለሁለቱም ተደምሮ 501 ገደማ ነው።

ጠቅላላ የተከፈለው 47,001፣ ወለዱ 9,001።

ደረጃ 6፦ አሁን ጎን ለጎን

ስኖውቦል በ34ኛው ወር፣ ወለድ 11,919። አቫላንች በ32ኛው ወር፣ ወለድ 9,001። ልዩነቱ ሁለት ወርና 2,919 ገደማ ነው፣ የ1,500 የወር ክፍያችሁን ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የመጀመሪያው ዕዳ የሚዘጋበት ግን በስኖውቦል 9ኛው ወር፣ በአቫላንች 26ኛው ወር ነው፣ 17 ወር ልዩነት።

ሰው እነዚህን ሲያነጻጽር መሀል መንገድ ላይ ጠቅላላ ቀሪ ዕዳውን ያያል፣ እና ይሳሳታል። በ9ኛው ወር መጨረሻ ላይ በስኖውቦል 29,186 ይቀራል፣ በአቫላንች 28,900። 286 ብቻ ናት ልዩነቷ፣ ደግሞ ስኖውቦሉ አንድ ዕዳ ዘግቷል፣ ማን አቫላንችን ይመርጣል? ግን የ10ኛውን ወር ወለድ እዩት፦ በስኖውቦል 482፣ በአቫላንች 408። የቀረው ዕዳ መጠን ተቀራርቧል፣ ዓይነቱ ግን አይመሳሰልም፣ ስኖውቦሉ ጋ የቀረው አብዛኛው ያ 2% የሚበላው ነው። ስለዚህ በመሀል እድገታችሁን መለካት ከፈለጋችሁ ጠቅላላ ዕዳውን ሳይሆን የሚቀጥለውን ወር ወለድ ድምር እዩ፣ እሱ ነው እውነቱን የሚናገረው።

ይሄ ሁሉ ልዩነት የመጣው ከወለዶቹ መራራቅ ነው እንጂ ከዕዳው ብዛት አይደለም። ያንኑ ሦስት ዕዳ፣ ያንኑ ሚኒመም፣ ያንኑ 1,500 ይዘን ወለዶቹን ብቻ 9%፣ 12%፣ 15% ብናደርጋቸው ስኖውቦል በ31ኛው ወር በ7,226 ወለድ ያልቃል፣ አቫላንች በ30ኛው ወር በ6,501። አንድ ወርና 725። እዚህ ላይ እኔ አልከራከርም፣ የሚቀላችሁን ያዙ። 6 እና 24 ሲሆን ግን 2,919 ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ሦስተኛውን መንገድ ሞክሩ

ሁለቱን ብቻ አነጻጽሮ ማቆም ይበዛል፣ ግን ሦስት ዕዳ ሲኖር አንድ ጥሩ መሀል መንገድ አለ። ትንሹን ብቻ አስቀድማችሁ ዝጉ፣ ከዛ በቀጥታ ወደ ትልቁ ዝለሉ፣ መሀለኛው መጨረሻ ይሁን። በምሳሌያችን ትንሹ ያው በ9ኛው ወር ይዘጋል፣ ትልቁ በወር 1,200 እየተከፈለው በ29ኛው፣ መሀለኛው ደግሞ በ33ኛው። ወለዱ 10,473።

ከአቫላንች 1,472 ይበልጣል፣ ከስኖውቦል 1,447 ገደማ ያንሳል። ስኖውቦል ያስከፈለው ትርፍ ወለድ ግማሹ የመጣው ትንሹን በማስቀደም ሲሆን ግማሹ ደግሞ መሀለኛውን ከትልቁ በማስቀደም ነው ማለት ነው። በመጀመሪያው ግማሽ ቢያንስ የሆነ ነገር ታገኛላችሁ፣ በ9ኛው ወር አንድ ዕዳ ይጠፋል። በሁለተኛው ግማሽ የምታገኙት ግን ሁለተኛው ዕዳ በ29ኛው ፋንታ በ20ኛው ወር መዘጋቱ ነው፣ እንደኔ 1,447 የሚያወጣ ነገር አይደለም።

እና መቼ ነው ትንሹን ማስቀደም ትክክል የሚሆነው? ሰው ስለ ሞራል ነው የሚያወራው፣ ሞራሉም ለራሱ ይሁን፣ ግን ከዛ የሚበልጥ ምክንያት አለ፣ ግዴታ። በ9ኛው ወር ትንሹ ሲዘጋ በግድ መክፈል ያለባችሁ በወር ከ1,000 ወደ 800 ይወርዳል። ገቢያችሁ የሚዋዥቅ ከሆነ፣ አንድ ወር ስራ ቢቀዘቅዝ ወይ ድንገተኛ ወጪ ቢመጣ፣ ያ 200 ሚኒመም ሳታሳልፉ እንድትቆዩ ያደርጋችኋል። በአቫላንች ግዴታው እስከ 26ኛው ወር 1,000 እንዳለ ነው። ሚኒመም ማሳለፍ ቅጣት ካለውና አንዳንዱ ጋ ወለድም የሚያስጨምር ከሆነ በአቫላንች ያተረፋችሁት እዛው ይሄዳል። ስለዚህ ገቢያችሁ ቋሚ ከሆነና መጠባበቂያ ካላችሁ ንጹህ አቫላንች፣ ገቢው እርግጠኛ ካልሆነ መሀል መንገዱ። ንጹህ ስኖውቦልን የምመርጠው ወለዶቹ ተቀራራቢ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ደረጃ 8፦ በራሳችሁ ቁጥር ስሩት

ኤክሴልም ይሁን ጉግል ሺትስ ያው ነው። ኤ ኮለም ላይ ወሩ፣ ከዛ ለእያንዳንዱ ዕዳ ሦስት ሦስት ኮለም በዚህ ተራ፦ ወለድ፣ ክፍያ፣ ቀሪ። ትንሹ ከቢ እስከ ዲ፣ መሀለኛው ከኢ እስከ ጂ፣ ትልቁ ከኤች እስከ ጄ፣ ኬ ላይ ደግሞ የሦስቱ ቀሪ ድምር። ሁለተኛው ረድፍ ላይ መነሻ ቀሪዎቹን ብቻ ጻፉ፣ `D2` ላይ 6000፣ `G2` ላይ 12000፣ `J2` ላይ 20000። ሦስተኛው ረድፍ የመጀመሪያው ወር ነው፦

```
B3: =ROUND(D2*0.005,2)
E3: =ROUND(G2*0.01,2)
H3: =ROUND(J2*0.02,2)
D3: =ROUND(D2+B3-C3,2)
G3: =ROUND(G2+E3-F3,2)
J3: =ROUND(J2+H3-I3,2)
K3: =ROUND(D3+G3+J3,2)
```

እነዚህ ለሁለቱም መንገድ አንድ ናቸው። የሚለያዩት የክፍያ ኮለሞቹ ናቸው። ለስኖውቦል፦

```
C3: =MIN(D2+B3,1500-MIN(300,G2+E3)-MIN(500,J2+H3))
F3: =MIN(G2+E3,1500-C3-MIN(500,J2+H3))
I3: =MIN(J2+H3,1500-C3-F3)
```

ለአቫላንች ደግሞ ሺቱን ኮፒ አድርጉና እነዚህን ተኩ፦

```
I3: =MIN(J2+H3,1500-MIN(300,G2+E3)-MIN(200,D2+B3))
F3: =MIN(G2+E3,1500-I3-MIN(200,D2+B3))
C3: =MIN(D2+B3,1500-I3-F3)
```

ፎርሙላው የሚያደርገው፣ መጀመሪያ ለሌሎቹ ሚኒመማቸውን ያስቀምጣል፣ የተረፈውን በሙሉ ለተረኛው ይሰጣል፣ ተረኛው ከዛ ያነሰ ከቀረው ደግሞ ልኩን ብቻ ይወስድና ትርፍራፊው እዛው ወር ላይ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሦስተኛውን ረድፍ እስከ 60ኛው ወይ ከዛ በላይ ጎትቱት፣ ከዛ የማለቂያ ወሩንና ጠቅላላ ወለዱን በሁለት ፎርሙላ ታወጣላችሁ፦

```
=COUNTIF(K3:K60,">0")+1
=SUM(B3:B60,E3:E60,H3:H60)
```

በኛ ቁጥር ስኖውቦሉ 34 እና 11,919 ገደማ፣ አቫላንቹ 32 እና 9,001 ገደማ ካላመጣ የሆነ ቦታ ተሳስቷል። በሳንቲም ደረጃ ብቻ የሚለይ ከሆነ የማጠጋጋት ነው፣ ተዉት። ከዛ በላይ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዓመቱን ወለድ ለ12 ሳያካፍሉ ማስገባት ነው፣ ወይ ደግሞ ኬ ኮለም በ60ኛው ረድፍም ዜሮ አልደረሰም፣ ያኔ ረድፍ ጨምሩና የፎርሙላውን 60ም አብራችሁ አስፉት። ኬ ኮለም ከወር ወር እየቀነሰ ሳይሆን እየጨመረ ከሄደ የወር ክፍያችሁ ወለዱን እንኳን አይሸፍንም ማለት ስለሆነ እዛ ጋ ተራ መቀያየር አያድንም፣ ወይ ክፍያው መጨመር አለበት ወይ ከአበዳሪው ጋ ስለ ወለዱ መነጋገር ነው።

ደረጃ 9፦ ክፍያው በትክክል መግባቱን አረጋግጡ

ወረቀት ላይ ያለው ስሌት እውነት የሚሆነው ትርፉ ዋናውን ዕዳ ከቀነሰ ብቻ ነው። አንዳንድ አበዳሪ ትርፍ ስትልኩ "የሚቀጥለውን ወር ክፍያ ቀድሞ ከፈለ" ብሎ ነው የሚመዘግበው፣ ማለትም ገንዘቡ ይቀመጥና በሚቀጥለው ወር ትንሽ ወይ ምንም እንዳትከፍሉ ይደረጋል፣ ወለዱ ግን በድሮው ቀሪ ላይ መታሰቡን ሊቀጥል ይችላል። እንዴት ታውቃላችሁ? የመጀመሪያውን ትርፍ ከከፈላችሁ በኋላ የሚመጣውን ስቴትመንት እዩ። በአቫላንች የትልቁ ቀሪ ወደ 19,400 መውረድ አለበት፣ የሚቀጥለው ወለድ ደግሞ 388 አካባቢ መሆን አለበት። ቀሪው 19,900 ላይ ከሆነና ወለዱ 398 ካለ ትርፉ ዋናው ላይ አልገባም፣ ያኔ "ትርፉ ከዋናው ይቀነስልኝ" ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ወለዱን በየቀኑ የሚያስቡ አሉ፣ እነሱ ጋ እንደ ወሩ ቀን ብዛት ጥቂት ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፣ ያ ችግር የለውም። እንደዛ ከሆነ እንደውም ገንዘቡ እጃችሁ እንደገባ ብትከፍሉ ይሻላል፣ የመክፈያ ቀኑን አትጠብቁ።

ቀድሞ የመክፈል ቅጣት ካለም እዚህ ጋ ይገባል። ቅጣቱን ያ ዕዳ ላይ ትርፍ በመክፈል ከምታድኑት ወለድ ጋ አስተያዩት፣ ለምሳሌ ትልቁን ቀድሞ መዝጋት 1,000 የሚያስቀጣ ቢሆን በምሳሌያችን በሁለቱም መንገድ ትልቁ ከጊዜው ቀድሞ ስለሚዘጋ ቅጣቱ ሁለቱንም ይነካል፣ ተራውን አይቀይረውም። ተራውን የሚቀይረው ቅጣቱ እስከ የሆነ ወር ድረስ ብቻ የሚሰራ ሲሆን ነው፣ ያኔ ያ ወር እስኪያልፍ ትርፉን ሌላው ላይ ማድረግ ሊያዋጣ ይችላል፣ ሺቱ ላይ ሞክሩት።

ሺቱን በየወሩ መክፈት አያስፈልግም፣ ግን ወለዱ የሚለዋወጥ ዕዳ ካለ ወይ መጀመሪያ ዝቅ ያለ ወለድ ሰጥቶ ከወራት በኋላ የሚጨምር ካለ ለውጡ በሚመጣበት ወር የዛን ቀን ቀሪዎች እንደ አዲስ መነሻ አስገቡና ሁለቱንም ሺት እንደገና አስኪዱ። የምሳሌያችን መሀለኛ ዕዳ በ12ኛው ወር ላይ ከ12% ወደ 30% ቢዘል ለምሳሌ፣ ከዛ ወር ጀምሮ በአቫላንች ተረኛው እሱ ነው፣ ትልቁ ላይ ግማሽ መንገድ ሄዳችሁ ብትሆኑም፣ ትርፉ 500 ወደ መሀለኛው ይዞርና ትልቁ ወደ 500 ሚኒመሙ ይመለሳል።